ገመዱ ጭኔ ላይ ነው

ማስታወቂያው የተለጠፈው በሕንፃው መግቢያ በር ላይ ነው፤ ገቢ ወጪው ሁሉ ሳያየው የማያልፍበት ቦታ። «የጋራ ኢንተርኔቱን የሚያጨናንቀው ፎቶኮፒ ቤቱ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ከሳምንቱ መጨረሻ ጀምሮ መስመሩ ይቋረጥበታል» ይላል። ከሥሩ የሕንፃው ኃላፊ ፊርማና ማኅተም። ፎቶኮፒ ቤቱ ማለት እኔ ነኝ። በዚህ ሕንፃ ሌላ ፎቶኮፒ ቤት የለም።

ብዙ አልተማርኩም፤ ማንበብ ግን አያቅተኝም። እዚያው ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩትና ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ።

ስሙ ፎቶኮፒ ቤት ይባል እንጂ ቤቴን የሚያኖረው ኢንተርኔቱ ነው። ሥራ ፈላጊው እኔ ጋ መጥቶ ማመልከቻ ይሞላል። ተማሪው ይመዘገባል። ልጇ ውጭ አገር ያለባት እናት ደግሞ የተላከላትን ወረቀት አስወጥታ ይዛ ትሄዳለች። ኮምፒውተሮቼ አሮጌዎች ናቸው፤ ወንበሮቼም አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም፤ ግን ባዶ ሆነው አያውቁም። መስመሩ ከተቆረጠ እኔና የፎቶኮፒ ማሽኑ ተፋጠን መዋላችን ነው።

ኔቱ መጎተት ከጀመረ ሰንብቷል፤ ይህን አልክድም። ከእኔ አጠገብ የጥርስ ሐኪሟ አለች፤ የመንጋጋ ራጅ ለሌላ ሐኪም ስትልክ መላኩ ጀምሮ መሀል ላይ ይቆማል። ከፊት ለፊቴ ትኬት ሻጩ አለ፤ ለተጓዥ ወንበር ይዞ ሳይጨርስ ገጹ ይዘጋበታል። እኔ ጋ ደግሞ የባሰ መጣ። ደንበኛው ማንኛውንም ገጽ ሲከፍት «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ይለዋል። የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ምረጥ፣ ደረጃ ያለበትን ምረጥ፣ አውቶቡስ ያለበትን ምረጥ። መርጦ ሲጨርስ እንደገና።

«እትዬ፣ ሰው መሆኔን ሊያምነኝ አልቻለም እኮ» አለኝ አንዱ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ።

«እኔንም አላመነኝም» አልኩት። «ባሌ ግን ይመሰክርልኛል።»

እየሳቀ ሄደ፤ ማመልከቻውን ግን ሳይልክ ነው የሄደው።

ኃላፊው ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሸሚዙን ሁልጊዜ የሚተኩስ ሰው ነው። በሌለበት «ገባኝ» እንለዋለን፤ ንግግርህን ሳትጨርስ «ገባኝ፣ ገባኝ» ስለሚል። ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ራውተር የተቀመጠው በኮሪደሩ ጫፍ በተሰቀለች የእንጨት ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፏ ከጠፋ ቆይቷል፤ በሯ እንዳይከፈት የታጠፈ ካርቶን ነው የሚወተፍባት። ከየቤታችን የሚመጣው ገመድ ሁሉ እዚያ ይሰካል። እኛ ደግሞ ኔት በዘገየ ቁጥር ማንም የቀደመ ሄዶ ራውተሩን አጥፍቶ ያበራዋል። «አናፍሰው» እንባባላለን። ሲናፈስ ይፈጥናል፤ ደስ ብሎን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ይህ የፎቁ ልማድ ሆኗል፤ ማን እንደጀመረው አላውቅም።

ያ «ተረጋገጠ» የተባለው ነገር እንዲህ ነበር። ገባኝ ሁላችንንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበን። የኢንተርኔት አቅራቢው መልእክት ልኮለት ኖሯል፤ ከዚህ መስመር ወደ ውጭ የሚወጣው ነገር በዝቷልና ይጣራ ይላል። «በቀን የማን ሰው ነው እዚህ የሚገባው የሚወጣው? የፎቶኮፒ ቤቱ ነው» አለ። ቁምሳጥኑን ከፈተ፤ የእኔን ገመድ ነቀለ፤ ከዚያ እጁ ለምዶበት ራውተሩንም አጥፍቶ አበራው። ትንሽ ቆየና ትኬት ሻጩ ከቤቱ ተጣራ፤ «ኧረ በረረ! ማዘር፣ ይቅርታ ግን በረረ።»

«ገባኝ» አለ ገባኝ። «ነገሩ ግልጽ ነው።»

እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ብሎ ገመዴን መልሶ ሰካልኝ። ከሰዓት በኋላ ኔቱ እንደገና መጎተት ጀመረ። ሁሉም ወደ እኔ በር አየ። ማስታወቂያው የወጣው በማግሥቱ ነው።

ቤት ገብቼ ለባሌ ነገርኩት። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ስለ ኢንተርኔት የሚያውቀው ስልኩ ላይ የእግር ኳስ ውጤት ማየት ብቻ ነው። እግሩን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሮ ይሰማኛል።

«ገመድሽን ሲነቅለው ፈጠነ?» አለኝ።

«ፈጠነ።»

«ሌላ የነካው ነገር የለም?»

«አናፈሰው። እንደ ሁልጊዜው።»

እግሩን ከውኃው አወጣ። «እንግዲያ ምኑን አረጋገጠ? ብልሽት የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር አንድ ላይ አይነካም። የእኔ ረዳት እንዲህ ቢያደርግ መንገድ ላይ ነበር የማወርደው።»

ስናናፍሰው መቼም ይፈጥናል እኮ። ገመዴ ሲሰካም ሲነቀልም፣ እኔ ስኖርም ገበያ ስወጣም። አስቤው አላውቅም ነበር።

«ሌላ ቤት እንከራይ ይሆን?» አለ ባሌ ቀስ ብሎ። ሰላም ይወዳል።

«ስሜ በር ላይ ተለጥፎ የትም አልሄድም» አልኩት። «ሌባ ተብዬ ነው የምወጣው? ፎጣህን ያዝ፣ ወለሉን አረጠብከው።»

ጠዋት ቀድሜ ደረስኩ። ሁሉም እስኪመጡ ጠበቅሁና ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። «እዩኝ» አልኩ። ገመዴን በገዛ እጄ ከራውተሩ ነቀልኩ። ስልኬን አጥፍቼ ለጥርስ ሐኪሟ ሰጠኋት። «ዶክተር፣ እርስዎ ጋ ይቀመጥ፤ በስልክ ሰረቀች እንዳልባል።» ከዚያ ራውተሩን አንድ ጊዜ አናፈስኩት። ከቤቴ ወንበር አውጥቼ ቁምሳጥኑ ሥር አስቀመጥኩና ተቀመጥኩበት። የገመዴን ጫፍ ጭኔ ላይ አደረግሁት።

«ከአሁን ጀምሮ ይህን ሳጥን ማንም አይነካም። እኔ የለሁበትም፣ ገመዴ ይኸውላችሁ። እንይ።»

ገባኝ ሳቀ። «እትዬ፣ ሥራዎትን ፈትተው እዚህ ሊውሉ ነው?»

«ሥራዬን ልትዘጋው አይደል? ለምጄ ልጠብቅህ።»

ደንበኞቼ መምጣት ጀመሩ። በሩ ክፍት ነው፣ እኔ ኮሪደር ላይ ነኝ። «ዝግ ነው እንዴ?» ይሉኛል። «ቤቱ ክፍት ነው፤ የተነቀልኩት እኔ ነኝ» እላቸዋለሁ። አንዷ ሴትዮ አጠገቤ ቆማ ጉዳዩን ሁሉ ሰምታ፣ «በይ በርቺ» ብላኝ ወረቀቷን ይዛ ሄደች።

መጀመሪያ ላይ ፈጠነ። ትኬት ሻጩ እያፏጨ ይሠራል፤ ገባኝ በበሬ በኩል እያለፈ ያየኛል። የሻይ ሰዓት አለፈ። ፉጨቱ ቆመ። ቆየት ብሎ ወንበር ሲገፋ ሰማሁና ትኬት ሻጩ ወጣ፤ ቀጥታ ወደ ቁምሳጥኑ።

«ወዴት?» አልኩት።

«ላናፍሰው ነው ማዘር፣ ሞተ እኮ።»

«አትነካውም።»

«ደንበኛ ተቀምጦብኛል!»

«እኔም ተቀምጬብሃለሁ። ይልቅ ይህን እየው።» የገመዴን ጫፍ ዓይኑ ሥር አነሳሁለት። «የማን ነው?»

ገመዱን አየ፣ ቁምሳጥኑን አየ። ጭንቅላቱን አከከ። «ያንቺ ነው» አለ፤ እንደ ዘመድ «አንቺ» ብሎ። «ያንቺ እኮ እዚህ ነው።»

የጥርስ ሐኪሟ ጓንቷን እንዳደረገች ብቅ አለች። ራጁ አሁንም መሀል ላይ ቆሞባት ነው። «የሚመጣው እየዘገየም ቢሆን ይመጣልኛል፣ የምልከው ግን ፈጽሞ አይሄድም» አለች። ወደ እኔ አየች፣ ጭኔ ላይ ወዳለው ገመድ አየች። እሷ ነገር አታበዛም።

«የራጅ ማሽኔን ኔትወርክ የዘረጋችልኝ ልጅ አለች» አለች። «አሁኑኑ እጠራታለሁ።»

ቴክኒሺያኗ ቀጭን፣ ቦርሳዋ ከእሷ የሚከብድ ልጅ ናት። ሰላም ብላን ስታበቃ መጀመሪያ የጠየቀችው «ሲዘገይ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላ ነው።

«እናናፍሰዋለን» አለ ትኬት ሻጩ።

«ከዚያስ?»

«ይፈጥናል። ከዚያ ይመለስበታል። ዛሬ ግን ማዘር አላስነካችንም።»

አንገቷን ነቀነቀችና፣ «ጎሽ፣ ዛሬ ስላልነካችሁት» አለች። ከዚያ ግን ወደ ራውተሩ በመሄድ ፈንታ ወደ እኔ ቤት ዞረች። «እትዬ፣ አይክፋዎት፤ የእርስዎን ኮምፒውተሮችም አያለሁ። የብዙ ሰው ፍላሽ የሚሰካበት ነው።»

«እዪ ልጄ። የደበቅሁት የለኝም።»

አንድ በአንድ አየቻቸው። ገባኝ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ጥግ ያለችው ኮምፒውተር ላይ ስትደርስ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ይህኛው ቫይረስ አለበት። ከፍላሽ የገባ።»

«ገባኝ!» አለ ገባኝ፤ እጁን ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረውም። «አላልኩም? አላልኩም?»

ከወንበሬ አልተነሳሁም።

«ያ ኮምፒውተር ከጠዋት ጀምሮ ከምን ጋር ተገናኝቷል?» አልኳት።

«ከምንም ጋር። ገመዱ እርስዎ ጋ ነው።»

«እንግዲያ ቫይረሱን አጽጂልኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ኔቱን ያነቀው ግን እሱ ከሆነ በአየር ሄዶ ነው። ወደ ሳጥኑ ነይ።»

ቴክኒሺያኗ ፈገግ አለች። «ወደ እሱ ልመጣ ነበር።»

ቁምሳጥኑን ከፈተች። ራውተሩ ትኩሳት እንዳለበት ሰው ይሞቃል። ፊቱ ላይ የመብራት ረድፍ አለ፤ ለየገመዱ አንድ አንድ፣ በስተግራ ደግሞ ከአቅራቢው መስመር ጋር ለሚያገናኘው አንድ። «አሁን ሁላችሁንም እነቅላለሁ፤ ራውተሩን ግን አላጠፋውም» አለች። የትኬት ሻጩን ነቀለች፣ መብራቱ ጠፋ። የሐኪሟን ነቀለች። የገባኝን ቢሮ ነቀለች። የደረጃውን ካሜራዎች ነቀለች። ከጎኑ ያለውን ቁልፍ ተጭና ዋይፋዩንም ዘጋች። የእኛ መብራቶች በሙሉ ጨለሙ።

የግራዋ መብራት ግን እንደ እብድ ትርገበገባለች።

ሁላችንም ጠጋ ብለን አየናት። ተቆጥታ ልብስ የምታጥብ ሴት እጅ ነው የምትመስለው፤ አንድም ጊዜ አላረፈችም።

«ትንሽ ትንሽ ብልጭ ማለት የደንብ ነው» አለች ቴክኒሺያኗ። «ሰው ባይኖርም ጭር አይልም። ይህ ግን የደንብ አይደለም። በዚህ ሰዓት ከዚህ ሕንፃ አንድም መሣሪያ አልተሰካም። ታዲያ ማነው የሚልከው?»

«ሳጥኑ ራሱ» አለች ሐኪሟ።

«ሳጥኑ ራሱ።»

ላፕቶፗን በአንድ አጭር ገመድ ሰካችና የራውተሩን ገጽ ለመክፈት ስሙንና ፓስዎርዱን ጠየቀች። ገባኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያው... ሲገዛ የመጣው ነው። አልተቀየረም።»

«ሲገዛ የመጣው ከሆነ እኔ ልነግርዎት እችላለሁ» አለችና ጻፈችው። ወዲያው ተከፈተላት። ላፕቶፑ ምንም ሳይሠራ ተቀምጦ፣ «ወደ ውጭ የተላከ» የሚለው ቁጥር ሽቅብ ይሮጣል። የገባው ከዚያ ያንሳል። ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። «እዚህ ደግሞ ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማስተዳደር ተፈቅዷል ይላል። ማን ከፈተው?»

ገባኝ የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ።

«ካሜራዎቹን ከቤቴ ሆኜ እንዳያቸው ብዬ... አንድ ሰው እንዴት እንደሚደረግ አሳየኝ።»

«እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ ዓለም ሁሉ የሚያንኳኳው በር ነው የተከፈተው» አለችው፤ ሳትቆጣ። «እንዲህ ያለ ክፍት በር የሚያስሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ቀን ከሌት ነው የሚዞሩት። ፓስዎርዱ የፋብሪካው ስለሆነ ሰተት ብለው ገብተዋል። ራውተር ራሱ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ይዘው ለራሳቸው ሥራ አሰማርተውታል። የማታውቁትን ነገር ወደማታውቁት ቦታ ይልካል። የመላኪያው መንገድ በሱ ስለተሞላ ነው ራጁ የማይሄደው።»

«የሮቦቱስ ነገር?» አልኳት።

«ከዚህ መስመር የማሽን ጥያቄ እንደ ጎርፍ ሲመጣባቸው ድረ ገጾቹ መስመሩን ጠረጠሩት። እርስዎ ደግሞ በዚያው መስመር ነው የሚገቡት።»

«ታዲያ ስናናፍሰው ለምን ይፈጥናል?» አለ ትኬት ሻጩ።

«ያስገቡበት ፕሮግራም ሳጥኑ በርቶ እያለ ብቻ ነው የሚቆየው። ስታጠፉት ይጠፋል። በሩ ግን እንደተከፈተ ነው፤ ትንሽ ቆይተው ተመልሰው ይገባሉ። እናንተ ባጠፋችሁ ቁጥር በሽታውን ለጊዜው እያሻላችሁ ምልክቱንም እያጠፋችሁት ነበር።»

ወደ ገባኝ ዞርኩ። «እና ያን ቀን ገመዴን ስትነቅል የፈጠነው?»

ሐኪሟ ቀድማው መለሰችልኝ። «አናፍሶት ስለነበር ነው።»

«ገባህ?» አልኩት። ይህቺን ሳልላት ብቀር ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ቴክኒሺያኗ ራውተሩ አሮጌ ነው፣ ሠሪዎቹም ጥገናውን አቁመዋል፣ አሁን ባጸዳው ነገ ሌላ ቀዳዳ ይገኝበታል አለችና አዲስ አስመጣች። ከመስመሩ ጋር ሳታገናኘው በፊት ፓስዎርዱን ቀየረች፤ ረጅም፣ ማንም ገምቶ የማይደርስበት። ከውጭ የሚያስገባውን በር ዘጋች። ከዚያ ሶፍትዌሩን አደሰች። ካሜራዎቹንም ፓስዎርዳቸውን ቀይራ ነው የሰካቻቸው። ገባኝ «ታዲያ ከቤቴ ሆኜ እንዴት ላያቸው ነው?» ሲል ሌላ የተቆለፈ መንገድ እንደምትሠራለት ነገረችው። የእኔን የታመመች ኮምፒውተርም ጠርጋ አጸዳችልኝና ፍላሽ ሲሰካ መጀመሪያ እንዴት እንደምፈትሽ አሳየችኝ። አሁን ማንም ደንበኛ ሳይፈተሽ አይሰካም፤ የሚቀየም ይቀየም።

ሁሉንም ሰካካች። የግራዋ መብራት ረጋ ብላ ብልጭ፣ ረጋ ብላ ብልጭ ትላለች። ሐኪሟ ራጇ ሄደላት። ትኬት ሻጩ ማፏጨቱን ቀጠለ። ቴክኒሺያኗ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

«እትዬ፣ ገመዱን ይስጡኝ።»

«አልሰጥሽም» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«እኔ ገመዴን የምሰካው በሩ ላይ ያለው ወረቀት ሲነሳ ነው። የለጠፈው ሰው ያንሳው።»

ገባኝ ሰዓቱን አየ። «እትዬ፣ ነገሩ እኮ አለቀ። ነገ ጠዋት ጽዳቷ ታነሳዋለች።»

«ጽዳቷ አልለጠፈችውም።»

«ግድ የለም፣ ይግቡና ሥራዎትን ይሥሩ፤ ደንበኞችዎ እየተመለሱ ነው እኮ።»

እውነቱን ነው፤ አንድ ልጅ ዶክመንቱን ደረቱ ላይ ይዞ በሬ ላይ ቆሟል። አንጀቴን በላኝ። «ተቀመጥ ልጄ፣ ትንሽ ታገሠኝ» አልኩትና ከወንበሬ ፈቀቅ አላልኩም። ለሁሉም ኔት ገብቷል፣ ለእኔ ብቻ የለም፣ ይኸው ጭኔ ላይ ነው። ሞኝነት ነው የሚል ካለ ይበል። ያን ወረቀት እያየ የሄደ ሰው ስንት ነው? እነሱን ማን ጠርቶ ይነግርልኛል?

«እኔም ሥራ አልጀምርም» አለች ሐኪሟ በድንገት፤ ጓንቷን እያወለቀች። መጥታ ከቁምሳጥኑ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ትኬት ሻጩ ከቤቱ አንገቱን አወጣ፤ «እኔ እንኳ ሥራዬን እቀጥላለሁ» አለ፤ «በልቤ ግን ከእናንተ ጋር ነኝ ማዘር።»

ሳቅን። ገባኝም ሊስቅ ነበር፤ ተወው። ከዚያ ደረጃውን ወረደ። ጫማው ሲርቅ፣ ከዚያ ከታች ወረቀት ሲቀደድ ተሰማ። ተመልሶ ሲወጣ ማስታወቂያውን ጨምድዶ በእጁ ይዟል። ይቅርታ አላለም። ወረቀቱን ሰጠኝ፤ ተቀበልኩትና ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት።

ገመዱን ራሴ ሰካሁት። ጠቅ አለ፤ የእኔ መብራት በራ።

ልጁን አስቀምጬ ማመልከቻውን ከፈትኩለት። ገጹ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» አለ። ቴክኒሺያኗ በሩ ላይ ቦርሳዋን እየዘጋች አየችኝ። «ይህ ለጥቂት ቀን ይቆያል እትዬ። አንዴ ስሙ የጠፋ መስመር ወዲያው አይታመንም።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

አንዴ ወደ ሕንፃው መግቢያ በር ስወርድ ወረቀቱ ከነበረበት ቦታ አንድ የፕላስተር ቁራጭ ቀርታለች፤ በጥፍሬ ፋቅኋት። ተመልሼ ስወጣ ልጁ ገና የአውቶቡስ ሥዕሎቹን እየመረጠ ነው። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ። በሦስተኛው አለፈና ማመልከቻው ሄደ።